የጎደለችው ቁጥር፦ በኢቴሪየም ወረፋ ላይ የቀረ ትራንዛክሽን እንዴት ይተካል፣ እንዴትስ ይሰረዛል?

በኢቴሪየም ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ዋሌቱ «ተልኳል» ብሎ የትራንዛክሽኑን መለያ ሰጥቶታል፤ ሰዓታት ቢያልፉም ግን ገንዘቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ኔትወርኩ አልተጨናነቀም፣ ያቀረበው የጋዝ ዋጋም በቂ ነው፣ የሌሎች ሰዎች ትራንዛክሽን በአንድና በሁለት ብሎክ ውስጥ ይስተናገዳል። መለያውን ኢተርስካንን በመሰሉ የሰንሰለት መመልከቻዎች ላይ ሲፈልገው ጭራሽ አያገኘውም። ተጨንቆ ሌላ ሲልክ፣ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ኋላ ተደርድሮ ይቀራል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «ጋዙ አንሷል» ብሎ ይደመድማል። አንዳንዴ ልክ ነው። ከላይ የተገለጹት ምልክቶች ሲገጣጠሙ ግን የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ቁጥር ነው። ከፊት መምጣት የነበረበት አንድ ትራንዛክሽን የለም፤ እሱ እስኪመጣ ድረስ የኋለኞቹ የፈለጉትን ያህል ቢከፍሉ አይስተናገዱም። ይህ የኖንስ ክፍተት ይባላል። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ የጎደለውን ቁጥር መሙላት ነው። አደጋው ያለውም እዚያው ላይ ነው። ክፍተቱ በተሞላ ቅጽበት ከኋላው የቆመው ሁሉ፣ የተረሳውም ሆነ በስህተት ሁለት ጊዜ የተላከው፣ ተከታትሎ ይለቀቃል።

ኖንስ ለምን አስፈለገ?

በኢቴሪየም ላይ በሰው ቁልፍ የሚንቀሳቀስ እያንዳንዱ አካውንት አንድ ቆጣሪ አለው። ቆጣሪው ከ0 ይጀምራል፤ የአካውንቱ ትራንዛክሽን ብሎክ ውስጥ በገባ ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ላኪው ትራንዛክሽኑን ሲፈርም ይህን ቁጥር አብሮ ይፈርመዋል፤ ኖንስ የሚባለው ይኸው ነው። የሰንሰለቱ ሕግ አጭር ነው። በትራንዛክሽኑ ላይ ያለው ኖንስ ከአካውንቱ ቆጣሪ ጋር እኩል ካልሆነ ትራንዛክሽኑ ብሎክ ውስጥ አይገባም። ካነሰ ጊዜው አልፎበታል፤ ከበለጠ ተራው አልደረሰም።

ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። የተፈረመ ትራንዛክሽን ማንም ሊያየውና ሊገለብጠው የሚችል ጽሑፍ ነው። ኖንስ ባይኖር ኖሮ፣ አንድ ጊዜ 1 ኢቴር የተከፈለው ነጋዴ ያንኑ የተፈረመ መልእክት እየደጋገመ በማስገባት የከፋዩን አካውንት ባዶ ማድረግ ይችል ነበር። ቁጥሩ እያንዳንዱ ፊርማ ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል ያደርጋል። ተራ ቁጥር የታተመበት የቼክ ቅጠል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህ «ባንክ» ቅጠሎቹን በቅደም ተከተላቸው ካልቀረቡለት የማይመነዝር መሆኑ ነው።

ከዚህ ሕግ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። አንደኛው፣ ስማርት ኮንትራት ውስጥ ገብቶ የከሸፈ ትራንዛክሽንም ቁጥሩን ይበላል። ሥራው ባይሳካም ብሎክ ውስጥ ገብቷልና ጋዝ ተከፍሎበታል፣ ቆጣሪውም ወደፊት ሄዷል። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። በፊርማው ውስጥ የሚያበቃበት ቀን የለም። የተፈረመ ትራንዛክሽን ዛሬ ባይገባ ነገ፣ ነገ ባይገባ ከዓመት በኋላ ሊገባ ይችላል። የሚሞተው ቁጥሩ በሌላ ትራንዛክሽን ተይዞ ብሎክ ውስጥ የገባ ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት ወረፋዎች

ዋሌቶች «ፔንዲንግ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ስለሚያሳዩ፣ ሰው የሚጠብቀው ሁሉ በአንድ ወረፋ ላይ የቆመ ይመስለዋል። በመጀመሪያ ደረጃ ሁሉም የሚጋራው አንድ መጠባበቂያ የለም። እያንዳንዱ ኖድ የራሱ ሜምፑል አለው፤ ኖዶቹ ያላቸውን እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ ነው አንድ የሚመስለው።

በስፋት የሚሠራበት ጌት የተባለው የኖድ ሶፍትዌር ይህን መጠባበቂያ ለሁለት ይከፍለዋል። በመጀመሪያው፣ `pending` በሚባለው፣ ኖንሳቸው ከአካውንቱ ቆጣሪ ጀምሮ ሳይቋረጥ የተከታተለ ትራንዛክሽኖች ይቀመጣሉ። እነዚህ ተራቸው ደርሷል፤ የሚጠብቁት ዋጋቸው ተቀባይነት እስኪያገኝ ነው። በሁለተኛው፣ `queued` በሚባለው፣ ከፊታቸው ቁጥር የጎደለባቸው ይቀመጣሉ። ኖዱ የመጀመሪያዎቹን ለጎረቤቶቹ ያስተዋውቃል። ሁለተኛዎቹን ግን ለማንም አይነግርም፤ እንደማይሠሩ እያወቀ ኔትወርኩን አያስጨንቅምና።

መለያው በመመልከቻው ላይ የማይገኘው ለዚህ ነው። ትራንዛክሽኑ ያለው በተቀበለው ኖድ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ኖዱ መለያውን የሰጠው በሐሰት አይደለም፤ መለያው የተፈረመው ጽሑፍ አሻራ ስለሆነ ማንም ሊያሰላው ይችላል። መለያ ማግኘት ማለት ግን ተልኮ ተሠራጨ ማለት አይደለም። በእኔ እምነት በዚህ መስክ ከሚደርሱት አላስፈላጊ ኪሳራዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ይህን ልዩነት ካለመረዳት ነው።

የሁለተኛው ወረፋ ዕድሜም አጭር ነው። ጌት ማንም ካልቀየረው በቀር ለአንድ አካውንት 64 እንዲህ ያሉ ትራንዛክሽኖችን ብቻ ይይዛል፤ ለ3 ሰዓት ካልተንቀሳቀሱ ይጥላቸዋል። ሲጥላቸው ለላኪው የሚደርስ መልእክት የለም።

ክፍተቱ ከየት ይመጣል?

አንድ ሰው በአንድ ዋሌት፣ አንድ በአንድ እየላከ የሚሠራ ከሆነ ክፍተት ብዙም አይገጥመውም። ችግሩ የሚበረታው ቁጥሩን ከአንድ በላይ አካል በሚቆጥርበት ቦታ ነው። ክፍያ የሚልክ ፕሮግራም የራሱን ቆጣሪ በዳታቤዝ ይይዛል፤ ትራንዛክሽን ሲያዘጋጅ ቁጥሩን ከፍ ያደርግና ይልካል። ኖዱ ያንን አንዱን ሳይቀበለው ቢቀር፣ ፕሮግራሙ ስህተቱን መዝግቦ ያልፋል እንጂ ቆጣሪውን ወደኋላ አይመልሰውም። ከዚያ በኋላ የሚልካቸው ሁሉ ባዶ ቁጥር ተከትለው ይሰለፋሉ።

ሁለተኛው ምንጭ የዋጋ ማዕበል ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 ወዲህ የጋዝ ዋጋ ሁለት ክፍል አለው። መሠረታዊው ክፍያ በሰንሰለቱ የሚወሰንና የሚቃጠል ሲሆን፣ ጉርሻው ብሎኩን ለሚያዘጋጀው ይደርሳል። መሠረታዊው ክፍያ ከአንድ ብሎክ ወደ ቀጣዩ እስከ 12.5 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ብሎክ በየ12 ሰከንዱ ስለሚወጣ፣ 20 ግዌይ የነበረው ክፍያ አምስት ብሎኮች ተከታትለው ከሞሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 36 ግዌይ ይሆናል። (አንድ ግዌይ የአንድ ኢቴር ቢሊዮንኛ ነው።) በዚህ ጊዜ ከወረፋው ፊት የቆመው፣ በርካሽ የተፈረመው ትራንዛክሽን፣ የኋላዎቹን ሁሉ ይዞ ይቆማል። ኖዶች ሲጨናነቁ ርካሹን ይጥሉታል፤ ያን ጊዜ የዋጋ ችግር የነበረው ወደ እውነተኛ ክፍተት ይለወጣል።

ፊት ላይ ያለ አንድ ትራንዛክሽን ሲቆም ምን ሊያስከትል እንደሚችል እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2020 ታይቷል። የኢቴር ዋጋ በአንድ ቀን ሲወድቅ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ነካ። በሜከርዳኦ ጨረታ ላይ ይሳተፉ ከነበሩት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ትራንዛክሽናቸው መስተናገድ ስላቃተው መጫረት አልቻሉም። ጥቂቶች በ0 ዳይ ተጫርተው አሸነፉ፤ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ኢቴር በነጻ ሊባል በሚችል መንገድ ወጣ።

ሌሎችም ምንጮች አሉ። አንድን ቁልፍ በሁለት ስልክ መጠቀም፣ ጥያቄን ለተለያዩ ኖዶች በሚያከፋፍል አገልግሎት ሰጪ በኩል መላክ፣ ወይም አንዱን ትራንዛክሽን በግል መስመር፣ ሌላውን በሕዝባዊው ሜምፑል ማሳለፍ ሁሉም ወደዚያው ያደርሳሉ። ሥሩ ግን አንድ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ሁለት ሆነዋል።

ሁኔታውን ለይቶ ማወቅ

ምርመራው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። የሚከተሉት ትእዛዞች በፋውንድሪ መሣሪያ የተጻፉ ናቸው፤ ኖዱ በቀጥታ ሲጠየቅም ያንኑ ይመልሳል።

```
cast nonce $ADDR --block latest --rpc-url $RPC
cast nonce $ADDR --block pending --rpc-url $RPC
cast rpc txpool_contentFrom $ADDR --rpc-url $RPC
```

የመጀመሪያው በሰንሰለቱ ላይ የጸደቀውን ቆጣሪ ይናገራል፤ ቀጥሎ የሚፈለገው ኖንስ ማለት ነው። ሁለተኛው ኖዱ ሳይቋረጥ ተከታትለው ያገኛቸውን ይጨምርበታል። ሦስተኛው በዚያ ኖድ ላይ ያለውን በስም በስሙ ያወጣል፤ ይህን ጥያቄ የማይፈቅዱ አገልግሎት ሰጪዎች ግን ብዙ ናቸው።

ከ43 እስከ 47 ያሉ ትራንዛክሽኖች ተልከዋል እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ 43፣ ሁለተኛው 48 ከመለሰ ክፍተት የለም። አምስቱም በተራ ቆመዋል፤ የ43 ዋጋ ስላነሰ ነው የማይንቀሳቀሱት። ሁለቱም 43 ከመለሱ ግን 43 በዚያ ኖድ ላይ የለም፤ 44ም ሆነ ሌሎቹ በሁለተኛው ወረፋ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ወይም እስካሁን ተጥለዋል። ለመጀመሪያው በሽታ ዋጋ መጨመር ይበቃል። ለሁለተኛው ዋጋ መጨመር ምንም አይፈይድም።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ

አምስቱን ትራንዛክሽኖች ይዘን እንቀጥል። አንድ አነስተኛ ድርጅት ለአቅራቢዎቹ በዩኤስዲሲ ይከፍላል። አካውንቱ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ኖንስ 43 ነው። ፕሮግራሙ 43ን ለአጓጓዡ የሚከፈል ገንዘብ አድርጎ፣ 65,000 ጋዝ መድቦ፣ በከፍተኛው 40 ግዌይ ዋጋ ይፈርማል። ኖዱ የሚመለከተው በመጨረሻ የሚወጣውን ክፍያ ሳይሆን የተፈቀደውን ከፍተኛ መጠን ነው፤ 65,000 በ40 ሲባዛ 0.0026 ኢቴር ይሆናል። በአካውንቱ ያለው 0.002 ብቻ ነው። ኖዱ `insufficient funds for gas * price + value` ብሎ ይመልሰዋል። ሠራተኛው ከደቂቃ በኋላ ኢቴር ይጨምራል፤ ነገሩ የተስተካከለ ይመስለዋል። የፕሮግራሙ ቆጣሪ ግን 44 ላይ ደርሷል።

ከዚያ በኋላ 44 ለወረቀት አቅራቢው 500 ዩኤስዲሲ፣ 45 በዩኒስዋፕ ላይ ዩኤስዲሲን ወደ ኢቴር የሚለውጥና በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልተፈጸመ እንዲከሽፍ የታዘዘ ልውውጥ፣ 46 ለጽዳት አገልግሎት የሚከፈል ሒሳብ ሆነው ተላኩ። ኖዱ ሁሉንም ተቀብሎ መለያ ሰጠ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወረቀት አቅራቢው «ገንዘቡ አልደረሰኝም» ብሎ ደወለ። ሌላኛው ሠራተኛ መመልከቻውን አየ፤ የ44 መለያ የለም። «አልተላከም ማለት ነው» ብሎ ያንኑ 500 ዩኤስዲሲ በድጋሚ ላከ። ይህ 47 ሆነ።

አሁን ማንም ሰው መልካም አስቦ 43ን ቢሞላ ምን ይሆናል? 44 ይከፍላል። 45 ጊዜው ስላለፈ ይከሽፋል፤ ጋዙ ግን ይበላል። 46 ይከፍላል። 47 ያንኑ 500 ዩኤስዲሲ ለሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል፤ የሚመልሰው የአቅራቢው ቅንነት ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ብሎክ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

የዋሌቱ ባህርይ ነገሩን ያባብሰዋል። ቀጣዩን ቁጥር ከኖዱ የሚጠይቅ ዋሌት «43» የሚል መልስ ያገኛል፤ ሠራተኛው ቁርስ የሚከፍልበት ትንሽ ትራንዛክሽን ቢሆን እንኳ ሳያውቀው ክፍተቱን ይሞላል። የራሱን ታሪክ የሚቆጥር ዋሌት ደግሞ 48 ብሎ ወረፋውን ያስረዝማል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ነገር መላክ አይደለም። ቁልፉን የሚጠቀም ፕሮግራምና ዋሌት ሁሉ መቆም አለበት። ክፍተቱ ለጊዜው ግድብ ነው፤ እሱ እስካለ ድረስ ከኋላው ያለው አይፈስም።

የመተካት ሕግ

ሁለት ትራንዛክሽኖች አንድ ዓይነት ላኪና አንድ ዓይነት ኖንስ ካላቸው ብሎክ ውስጥ የሚገባው አንዱ ብቻ ነው። ኖዱ የቀድሞውን ጥሎ አዲሱን እንዲይዝ አዲሱ የበለጠ መክፈል አለበት። በጌት ልማድ ጭማሪው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። ይህ የሰንሰለቱ ሕግ ሳይሆን የኖዱ ደንብ ነው፤ የተቀመጠውም ሰዎች በነጻ እየቀያየሩ ኔትወርኩን እንዳያጨናንቁ ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት 10 በመቶው በሁለቱም ቁጥሮች ላይ መጨመር እንዳለበት ስለማያውቁ ነው። የቀድሞው በከፍተኛው 40 ግዌይና በ1 ግዌይ ጉርሻ ተፈርሞ ከሆነ፣ ተተኪው ቢያንስ 44 እና 1.1 መሆን አለበት። ከፍተኛውን ወደ 100 አሳድጎ ጉርሻውን 1 ላይ የተወ ሰው `replacement transaction underpriced` የሚል መልስ ያገኛል፤ «100 ግዌይ እየከፈልኩ እንዴት አነሰ?» ብሎ ይገረማል። የብሎብ ትራንዛክሽኖችን የሚልኩ ሰዎች ደግሞ ከ10 በመቶ ይልቅ እጥፍ እንዲጨምሩ ይጠየቃሉ፤ ይህ በዋናነት የሁለተኛ ደረጃ ሰንሰለት የሚያስተዳድሩትን የሚመለከት ነው።

ዝቅተኛውን ጭማሪ ብቻ መስጠት ግን አልመክርም። ተተኪው ለሁሉም ኖድ ላይደርስ ይችላል፤ አንዱ ኖድ አሮጌውን፣ ሌላው አዲሱን ይዞ ቢገኝ ብሎክ አዘጋጁ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ የሚከፍለውን ይወስዳል። ጉርሻውን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ማድረግ የሚያስወጣው ሳንቲም ነው፤ የሚከላከለው ግን ሙሉ ክፍያን ነው።

ስረዛ ማለት ምን ማለት ነው?

በኢቴሪየም ላይ «ሰርዝ» የሚባል ትእዛዝ የለም። ዋሌቶች «ካንስል» ብለው የሚያሳዩት አዝራር ከመተካት የተለየ ነገር አይሠራም። በዚያው ኖንስ፣ በተሻለ ዋጋ፣ 0 ኢቴር ከራስ ወደ ራስ ይልካል። ይህ 21,000 ጋዝ የሚፈጅ ቀላሉ ትራንዛክሽን ነው። ቁጥሩ ተበልቶ አሮጌው ፊርማ ከንቱ ይሆናል። ለምሳሌ የ47 ስረዛ ይህን ይመስላል፦

```
cast send $ADDR --value 0 --nonce 47 --async \
  --gas-price 60gwei --priority-gas-price 3gwei \
  --gas-limit 21000 --rpc-url $RPC --account hot
```

መሠረታዊው ክፍያ 18 ግዌይ በሆነበት ሰዓት ይህ በ21 ግዌይ ይስተናገዳል፤ 21,000 በ21 ሲባዛ 0.000441 ኢቴር ነው። `--async` የሚለው ቃል የተጨመረው ትእዛዙ የማረጋገጫ ደረሰኝ እየጠበቀ እንዳይቆም ነው። ክፍተቱ እስኪሞላ ድረስ ደረሰኝ አይመጣምና።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይከተላል። ኖድ ትራንዛክሽኑን ጣለው ማለት ተሰረዘ ማለት አይደለም። የ3 ሰዓቱ ገደብ አልፎ የድርጅቱ ወረፋ ከኖዱ ቢጠፋም፣ የ47 ፊርማ በፕሮግራሙ መዝገብ፣ በአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር ወይም በሌላ ሰው እጅ ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ዋሌቶች ያልተስተናገደውን በየጊዜው ራሳቸው መልሰው ይልካሉ። ከሳምንት በኋላ የአካውንቱ ቆጣሪ 47 ላይ ሲደርስ ያ የተረሳ ክፍያ ነፍስ ሊዘራ ይችላል። የጠፋ የተፈረመ ቼክ ማለት ነው፤ ከኪስ መውደቁ ዋጋ አያሳጣውም።

በሌላ በኩል ስረዛው የግድ ባዶ ትራንዛክሽን መሆን የለበትም። ቁጥሩን ለማንኛውም ጠቃሚ ሥራ መጠቀም አሮጌውን እኩል ይገድለዋል። ለባዶ ስረዛ የሚወጣው ጋዝ የሚባክነው ሌላ የሚላክ ነገር ከሌለ ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አዲስ ስማርት ኮንትራት በተለመደው መንገድ የሚያሰፍር ሰው የኮንትራቱ አድራሻ ከላኪው አድራሻና ከኖንሱ እንደሚሰላ ያስታውስ። ያን ቁጥር በስረዛ ካባከነው ኮንትራቱ በታሰበው አድራሻ አያርፍም።

ከኋላ ወደ ፊት

ወደ ድርጅቱ እንመለስ። ፕሮግራሙ ቆሟል፣ ዋሌቶቹም ተዘግተዋል። ከ44 እስከ 47 ያሉት ፊርማዎች ምን እንደሚሠሩ አንድ በአንድ ተነበዋል። ሥራው ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ይሄዳል፤ 43 የመጨረሻው ነው።

በመጀመሪያ 47 ከላይ በታየው ስረዛ ይተካል። ተተኪው አሮጌውን ለያዘው ለዚያው ኖድ መላክ አለበት፤ እሱም በሁለተኛው ወረፋ ውስጥ የአሮጌውን ቦታ ይይዛል። 46 እንዳለ ይቀራል። 45 ጊዜው ያለፈበት ልውውጥ ነው። ቢተው ከሽፎ ጋዝ ከመብላት በቀር ጉዳት አያደርስም፤ ድርጅቱ ዛሬም ኢቴር ስለሚያስፈልገው ግን በዛሬው ዋጋና በአዲስ የጊዜ ገደብ በተፈረመ ልውውጥ ይተካል። የጊዜ ገደብ የሌለው ወይም ሰፊ የዋጋ ልዩነት የሚፈቅድ ልውውጥ ቢሆን ኖሮ መተካቱ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ይሆን ነበር፤ ትናንት የተፈቀደ ዋጋ ዛሬ ለሌላ ሰው ትርፍ ነው። 44 እውነተኛ ዕዳ ስለሆነ ይቆያል።

ሦስተኛው ጥያቄ እንደገና ተጠይቆ በኖዱ ላይ ያለው የታሰበው መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ አጓጓዡ በሌላ መንገድ እንዳልተከፈለው ተጣርቶ 43 ይላካል። ግድቡ ይከፈታል። በጥቂት ብሎኮች ውስጥ `latest` 48 ሲል ሥራው አልቋል።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ ድክመት አለ፤ መሸፈን አልፈልግም። ድርጅቱ የሚጠቀመው አገልግሎት ሰጪ ጥያቄዎችን ለብዙ ኖዶች የሚያከፋፍል ከሆነ፣ የ47 ስረዛ አሮጌው 47 ወዳለበት ኖድ መድረሱን ማረጋገጥ አይቻልም። ያን ጊዜ ይበልጥ አስተማማኙ፣ 43ን ብቻ በቀጥታ ከመሙላት ይልቅ፣ አምስቱንም ቁጥሮች በጥሩ ጉርሻ በአዲስ ትራንዛክሽኖች ፈርሞ በሁለት ወይም በሦስት የተለያዩ አገልግሎቶች በኩል በአንድ ላይ ማሰራጨት ነው። ይህም ቢሆን መቶ በመቶ አይደለም። ውድድሩ የሚለየው ብሎክ ውስጥ ነው።

ስረዛው `nonce too low` የሚል መልስ ካመጣ ውድድሩ ቀድሞ አልቋል። ቁጥሩ ተይዟል፤ የቀረው የትኛው መለያ እንደገባ ማየት ብቻ ነው። ብሎክ ውስጥ የገባን ትራንዛክሽን የሚሰርዝ ገንዘብ የለም።

ወዴት እየሄደ ነው?

መጠበቅን እንደ አማራጭ የሚያዩ አሉ። ዋጋው ያነሰ ትራንዛክሽን ከሆነ መጠበቅ ትርጉም አለው፤ መሠረታዊው ክፍያ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። ለክፍተት ግን መጠበቅ የሚያመጣው የኖዱን ዝምታ ብቻ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ሰንሰለቶች ላይ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አካል ስለሆነና ብሎኮች ስለሚፈጥኑ ለመተካት የሚተርፍ ጊዜ ጥቂት ነው። ክፍተቱ ራሱ ግን አልጠፋም፤ የኖንስ ሕጉ ያው ነውና።

ከሥሩ የሚፈታው የአካውንቱን አሠራር መለወጥ ነው። ኢአርሲ-4337 በተባለው ደረጃ የሚሠሩ ስማርት አካውንቶች ባለ ሁለት ክፍል ኖንስ አላቸው። 192 ቢቱ የመስመር መለያ ሲሆን፣ ቀሪው 64 ቢት በዚያ መስመር ላይ ያለ ተራ ነው። ደመወዝ በአንድ መስመር፣ ልውውጥ በሌላ መስመር ቢሄድ የአንዱ መቆም ሌላውን አይነካም። ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 በፔክትራ ማሻሻያ የመጣው ኢአይፒ-7702 ተራ አካውንት ሥልጣኑን ለኮንትራት ኮድ እንዲሰጥ ፈቅዷል። ጌት እንዲህ ላሉ አካውንቶች በአንድ ጊዜ አንድ ትራንዛክሽን ብቻ ይቀበላል፤ ክፍተት ያለበትንም ይመልሳል። በመጀመሪያ እይታ ጥብቅ ቢመስልም ለላኪው የተሻለ ነው፤ ስህተቱን ወዲያው ያውቀዋል።

እስከዚያው ድረስ ተራ አካውንት ለሚጠቀም ፕሮግራም የምሰጠው ፍርድ ቀላል ነው። ለአንድ ቁልፍ ቁጥር የሚሰጥ አንድ አካል ብቻ ይኑር። ኖዱ ትራንዛክሽኑን መቀበሉ ሳይታወቅ ቆጣሪው ከፍ አይበል። «ተከፍሏል» የሚለው ቃል መለያ በተገኘ ጊዜ ሳይሆን ደረሰኝ በተገኘ ጊዜ ይጻፍ። ትይዩ መላክ የሚያስፈልገው ብዙ ቁልፍ ይያዝ እንጂ አንዱን ቁልፍ አያሻማ። ይህ ሥራ ለአንድ ጥሩ ፕሮግራመር የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው።

እርስዎም ዋሌትዎ «ተሰርዟል» ቢልዎት፣ ያንን ክፍያ በድጋሚ ከመላክዎ በፊት የ`latest` ቁጥር የተሰረዘውን ኖንስ ማለፉን፣ በዚያ ቁጥር የገባውም የስረዛው መለያ መሆኑን ያረጋግጡ።